«ሩጫ» የት ይቀመጥ? ስምንና ግስን ለሁለተኛ ክፍል በድርጊት ካርድና በምደባ ጨዋታ ማስተማር

የሁለተኛ ክፍል ልጅ «ግስ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ብሎ በቃሉ ይመልሳል። ቀጥሎ «ሩጫ ስም ነው ወይስ ግስ?» ሲባል ያለማመንታት «ግስ!» ይላል። ልጁ አላጠፋም፤ የተነገረውን ፍቺ በትክክል ሠርቶበታል። ሩጫ ድርጊት ነውና። ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ ዘፈን፣ ዝላይ ሁሉም ድርጊት ናቸው፤ ሁሉም ግን ስሞች ናቸው። በሌላ በኩል «አሰበ» እና «ተኛ» ግስ ናቸው፤ ማንም ሲንቀሳቀስ ግን አይታይባቸውም።

ስለዚህ የድርጊት ካርዱም የምደባ ጨዋታውም አንድ ዓላማ ይዘው መሠራት አለባቸው። ልጁ ቃሉ «ስለ ምን እንደሚያወራ» ብቻ ሳይሆን «ምን እንደሚሆን» እንዲያይ ማድረግ ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱ ሲቀየር ጫፉን ይቀይራል፦ ዘለለ፣ ዘለለች፣ ዘለሉ። ስም ይህን አያደርግም። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን በአፉ ከለመደ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ «እናቴ መጣ» አይልም። የመምህሩ ሥራ ልጁ በአፉ የሚያውቀውን በዓይኑ እንዲያየው መርዳት ነው።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቃል

ብዙ ካርዶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ድርጊቱን በሦስት ዓይነት መልክ መጻፍ ይቻላል፦ «መዝለል»፣ «ዝለል» ወይም «ዘለለ»።

«መዝለል» ለግስ ካርድ አይሆንም። በ«መ» የሚጀምረው መልክ የድርጊቱ መጠሪያ ስለሆነ እንደ ስም ነው የሚያገለግለው፤ «መዝለል ጥሩ ነው» እንደምንለው። በግስ ካርድ ላይ «መዝለል»፣ «መብላት»፣ «መጻፍ» ብሎ የጻፈ መምህር ስሞችን ግስ ብሎ እያስተማረ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተቀዱ ካርዶች ላይ ይህ ስሕተት በብዛት ይታያል።

«ዝለል» ግስ ነው፤ ልጆችንም ወዲያው ያስነሳል። ችግሩ የትእዛዝ መልክ አንዳንዴ ከስሙ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉ ነው። «ሳቅ» ትእዛዝም ነው፣ የምንሰማው ሳቅም ነው። «ሥራ» ትእዛዝም ነው፣ የምንሄድበት ሥራም ነው። «ሳል» ሥዕል እንድንሥል የሚያዝ ሊሆን ይችላል፤ ጉሮሮን የሚይዘው ሳልም ያው ነው። ለሴት ልጅ «ጥሪ» ሲባልም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ካርድ በምደባ ጨዋታ ላይ ቢገባ ሁለት ልጆች ተቃራኒ ቦታ ላይ አስቀምጠው ሁለቱም ልክ ይሆናሉ።

ቀሪው «ዘለለ» ነው፤ መዝገበ ቃላትም ግስን በዚሁ መልክ ነው የሚያስገባው። በሁሉም የግስ ካርዶች ላይ ይህን መልክ ብቻ ይጻፉ። ትእዛዙ በቃል ይነገር፤ ካርዱ ላይ ግን አይጻፍ።

ከቃል አመራረጥ ጋር ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው መጥበቅና መላላት በፊደል ስለማይለይ፣ ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለያይ ቃል ለዚህ ትምህርት አይመረጥም። «አለ» አንዱ ነው፤ «ገና» ሌላው። ሁለተኛው፣ ሞክሼ ፊደላት ያሉበትን ቃል የተማሪው መጽሐፍ እንደጻፈው ይጻፉት። «ጻፈ» እና «ፀፈ» እየተባለ ክርክር ከተነሣ የሰዋስው ጊዜው በፊደል ያልቃል።

የድርጊት ካርዶቹ

ለአንድ ክፍለ ጊዜ ስምንት ካርድ ይበቃል፦ ዘለለ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ጻፈ፣ ታጠበ፣ ተኛ፣ ጠረገ፣ አጨበጨበ። ሁሉም በአንድ ሰው፣ በአንድ እግር ቦታ ላይ፣ ያለ ምንም ዕቃ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። «ሮጠ» ሆን ተብሎ የለበትም። ሦስት ልጆች በአንድ ዴስክ በተቀመጡበት ክፍል «ሮጠ» የሚል ካርድ ከወጣ ትምህርቱን መልሶ ለመሰብሰብ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። «መታ» እና «ገፋ» የሌሉበትም ምክንያት ግልጽ ነው።

እያንዳንዱን ቃል በሙሉ ኤ-አራት ወረቀት ላይ፣ ወረቀቱን አግድም አድርገው፣ በወፍራም ማርከር ይጻፉ። ፊደሉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ካለው ከኋላ ወንበር ይነበባል። ወረቀቱ ብቻውን ከሆነ ማርከሩ ወደ ጀርባው ስለሚያልፍ ልጆቹ ቃሉን ከጀርባ ያነቡታል፤ ስለዚህ በዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ላይ ይለጠፍ።

ሥዕል ይጨመርበት? እዚህ ላይ ማሰብ ይገባል። የሚዘል ልጅ ሥዕል ያየ ተማሪ «ዘለለ» ከማለቱ በፊት «ልጅ» ሊል ይችላል፤ እሱም እውነቱን ነው፣ ሥዕሉ ላይ ልጅ አለ። ስሙን ከግሱ ለመለየት በተዘጋጀ ካርድ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ መሣል ነው። ማንበብ ገና ለሚያስቸግራቸው ልጆች ሥዕል የግድ ካስፈለገ በሁሉም ካርዶች ላይ ያው አንድ ዓይነት የመስመር ሰው ይሁን፤ የሚለዋወጠው የሚያደርገው ነገር ብቻ ይሆናል። ልጁም የማይለወጠውን ትቶ የሚለወጠውን ያያል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ወደ ፊት ትጠራለች፤ ካርዱ ለእሷ ብቻ ይታያል። ድምፅ ሳታሰማ ትሠራዋለች። መምህሩ ክፍሉን «ምን አደረገች?» ብሎ ይጠይቃል። ክፍሉ «ዘለለች!» ይላል። ቀጥሎ አንድ ወንድ ልጅ ያንኑ ካርድ ይሠራል፦ «ምን አደረገ?»፣ «ዘለለ!»። ከዚያ ሁለቱም አብረው፦ «ምን አደረጉ?»፣ «ዘለሉ!»። መምህሩ ሦስቱን ቃላት አንዱን ከአንዱ በታች ሰሌዳው ላይ ይጽፋል።

ጥያቄው ድርጊቱ ካለቀ በኋላ መምጣት አለበት። ልጅቷ እየዘለለች ሳለ «ምን እያደረገች ነው?» ቢባል መልሱ «እየዘለለች ነው» ይሆናል፤ ቃሉ ከፊቱ «እየ» ተጨምሮበት፣ ከኋላው «ነው» ተከትሎት ስለሚመጣ ለሁለተኛ ክፍል ዓይን ይከብዳል። ድርጊቱ ያብቃ፣ ልጅቷ ትቁም፣ ከዚያ «ምን አደረገች?» ይባል።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ካርድ ላይ ሰሌዳው እንዲህ ይሆናል፦ ዘለለ፣ ዘለለች፣ ዘለሉ፤ በላ፣ በላች፣ በሉ፤ ጻፈ፣ ጻፈች፣ ጻፉ። አሁን ሴት ልጅ ስታደርገው ቃሉ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጨመር ይጠይቁ። ልጆቹ «ች»ን ራሳቸው ያገኙታል። መምህሩ «ች»ዎቹን በሙሉ ያከብባል። ይህ ክብ ለቀጣዩ ጨዋታ መፈተኛ ሆኖ ስለሚያገለግል ሰሌዳው እስከ መጨረሻው አይጥፋ።

አንዳንዱ ልጅ «በላች» በማለት ፈንታ «እንጀራ በላች» ይላል። አይታረም፤ መልካም አጋጣሚ ነው። ሙሉውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ወንድ ልጅ ቢሆን ከሁለቱ ቃላት የትኛው እንደሚቀየር ይጠይቁ። «እንጀራ በላ።» እንጀራው ባለበት ቀረ፤ በላች በላ ሆነ። ከሁለቱ የቱ ግስ እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ታየ።

ሁለቱ መፈተኛዎች

ወደ ምደባው ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዱ ልጅ በአፉ የሚላቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ለግስ፦ «ትናንት እሷ ___ች።» ለስም፦ «ይህ ___ ነው።» ልጁ ያወጣውን ቃል በባዶው ቦታ ያስገባና ጆሮውን ይሰማል። «ትናንት እሷ ጻፈች» ያስኬዳል። «ትናንት እሷ ወንበርች» ያሥቃል፤ አያስኬድም። «ይህ ወንበር ነው» ይሆናል፤ «ይህ ጻፈ ነው» አይሆንም።

እነዚህ ሁለቱ የተመረጡት ሌሎቹ ስለሚያሳስቱ ነው። ለምሳሌ ብዙ መምህራን ስምን «ኦች» በመጨመር ያስፈትናሉ፦ ኳስ፣ ኳሶች። ለኳስ ጥሩ ነው፤ ለ«ውሃ» እና ለሰው ስም ግን ልጁን ያደናግረዋል። «ስለ» ማስቀደምም የሚሠራ ይመስላል፤ «ስለ ኳስ ንገረኝ» ይባላልና። ነገር ግን «ስለ ዘለለ» ማለትም ይቻላል፤ «በደንብ ስለ ዘለለ አሸነፈ» እንላለን። «በ»፣ «ከ»፣ «የ»ም እንዲሁ በአማርኛ ስምም ላይ ግስም ላይ ይገባሉ፦ በኳስ፣ በዘለለ፤ ከቤት፣ ከበላ።

በግስ በኩልም «እሷ» የተመረጠችው በምክንያት ነው። ብዙዎቹን የሚያመለክተው «እነሱ» ቢሆን «ሳቁ» እና «ዘፈኑ» ይፈጠራሉ። «ሳቁ» ብዙ ሰዎች ሳቁ ማለት ነው፤ «ሳቁ ያስደስታል» ስንል ደግሞ ስም ነው። «ዘፈኑ» በወረቀት ላይ ሁለቱንም ይሆናል። «ች» ግን እንዲህ ያለ መንታ መንገድ ውስጥ አይከትም፤ ልጁ «እሷ»ን አብሮ እስከጠራ ድረስ። «እሷ»ን ዘሎ «ች»ን ብቻ የሚለጥፍ ልጅ «ኳስ» ላይ ሲደርስ «ኳሶች!» ብሎ «ች» ተገኘበት ይልዎታል። ሙሉው ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ይባል።

መፈተኛዎቹ ወሰን አላቸው። «ትልቅ» እና «ቀይ» የስሙን ፈተና ያልፋሉ፤ «ይህ ትልቅ ነው» ይባላልና። ስለዚህ ቅጽል በዚህ ጨዋታ ካርዶች ውስጥ አይገባም። ልጆቹ ስምና ግስን በደንብ ለይተው ሲጨርሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን ምደባ

ሃምሳ ልጆች ያሉበትን ክፍል እንውሰድ። አምስት አምስት ሆነው አሥር ቡድን ይሆናሉ። ዴስኩ የማይነቃነቅ ከሆነ የፊተኛው ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ ዞረው ከኋለኞቹ ጋር ስድስት ይሁኑ፤ ከስድስት በላይ ከሆነ ግን ዳር ያለው ልጅ ካርዱን አያይም።

ለእያንዳንዱ ቡድን 12 ካርድ ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 120። አንድ ኤ-አራት ወረቀት ለስምንት ሲቆረጥ እያንዳንዱ ካርድ የእጅ መዳፍ ያህል ይሆናል፤ 15 ወረቀት ይበቃል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ የቡድኑ ቁጥር በትንሹ ይጻፍ። ወለል ላይ የወደቀ ካርድ ሲገኝ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቡድኑም ሲመልስ 12 መሆኑን ቆጥሮ በላስቲክ አሥሮ ይመልሳል።

የመጀመሪያው ቀን ካርዶች እነዚህ ናቸው። ስሞች፦ ኳስ፣ ውሃ፣ አበባ፣ ወንበር፣ ላም፣ ጫማ። ግሶች፦ ዘለለ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ጻፈ፣ ታጠበ፣ ተኛ።

ውሃ፣ አበባና ጫማ ዝም ብለው አልገቡም። በዚህ መልክ የተጻፈ የአማርኛ ግስ በግዕዝ ወይም በራብዕ ፊደል ነው የሚያልቀው፦ ዘለለ፣ ጻፈ፤ በላ፣ ጠጣ። ስሞቹ ሁሉ እንደ ኳስና ወንበር በሳድስ የሚያልቁ ቢሆኑ ልጆቹ ቃሉን ሳያነቡ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አይተው ይደረድራሉ፤ ሁሉንም ልክ ያገኛሉ፤ ምንም አልተማሩም። ሦስት ስሞች በራብዕ ሲያልቁ ይህ አቋራጭ ይዘጋል። በዚሁ ምክንያት ሁሉም ካርዶች በአንድ ቀለም፣ በአንድ መጠንና በአንድ ሰው እጅ ይጻፉ። ስሞችን በሰማያዊ፣ ግሶችን በቀይ መጻፍ ለዓይን ያምራል፤ የሚያስተምረው ግን ቀለም መለየትን ነው። በምደባ ካርዶች ላይ ሥዕልም አይኖርም።

ዴስኩ ላይ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ይቀመጣል፦ «ስም»፣ «ግስ» እና በመሐላቸው «እንወያይ»። ካርዶቹ ተገልብጠው ይከመራሉ። አንድ ልጅ አንድ ካርድ ያነሣል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁለቱንም መፈተኛ ይላል፣ ያስቀምጣል። የተቀሩት አራቱ ይስማሙ እንደሆነ ይናገራሉ። አንድ እንኳ ካልተስማማ ካርዱ ወደ «እንወያይ» ይሄዳል። ቀጥሎ ተራው የጎረቤቱ ነው።

የማን ቡድን ቀድሞ ጨረሰ የሚባል ውድድር አይኑር። ውድድር ሲሆን ከአምስቱ አንድ ፈጣን ልጅ ካርዱን ከሌሎቹ እጅ እየነጠቀ ይደረድራል፤ አራቱ ተመልካች ይሆናሉ። በዚህ ጨዋታ ላይ የሚፈለገው ነገር የልጁ አፍ «ትናንት እሷ ___ች» ማለቱ ነው፤ ፈጥኖ የጨረሰ ቡድን ይህን ዘሎታል ማለት ነው። 12 ካርድ በሥርዓቱ ሲሠራ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በሦስት ደቂቃ የጨረሰ ቡድን ካለ ሄደው ሁለት ካርድ ያንሡና «ንገሩኝ እስቲ፣ ይህን እንዴት አወቃችሁ?» ይበሉ።

በአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ውስጥ የድርጊት ካርዱና ሰሌዳው 15 ደቂቃ፣ ሁለቱን መፈተኛዎች መለማመድ 5 ደቂቃ፣ ምደባው 10 ደቂቃ ይፈጃል። የተረፈው ለ«እንወያይ» ክምር ነው። ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዚህ ቀን ለማስገባት አይሞከር።

ስሕተቱን ማንበብ

በዴስኮቹ መሐል ሲዘዋወሩ የተሳሳተ ካርድ ብቻ አይቁጠሩ፤ የትኛው ካርድ እንደተሳሳተ ይመልከቱ። እያንዳንዱ የልጁን ሐሳብ ያሳያል።

«ተኛ» ስም ውስጥ ከተገኘ ልጁ ግስን የሚያየው እንደ እንቅስቃሴ ነው፤ የተኛ ሰው አይንቀሳቀስምና። መፈተኛውን አልተጠቀመም። «ትናንት እሷ...» ብለው ይጀምሩለትና ይጨርሰው፤ «ተኛች» ብሎ ራሱ ያነሣዋል። «አበባ» ግስ ውስጥ ከተገኘ ወይ የመጨረሻውን ፊደል አይቷል፣ ወይ «አበበ» ብሎ አንብቦታል። ከመከራከር በፊት ካርዱን እንዲያነብልዎ ያድርጉ። በዚህ ክፍል ደረጃ ከሚታዩት የምደባ ስሕተቶች ጥቂት የማይባሉት የንባብ እንጂ የሰዋስው አይደሉም፤ «ጻፈ»ን «ጻፊ» ብሎ ላነበበ ልጅ ስለ ግስ ማብራራት ውሃ መውቀጥ ነው።

«ውሃ» ወደ «እንወያይ» ቢሄድ አይገረሙ። አንዳንድ ልጆች ስም የሚነሣ፣ የሚያዝና የሚቆጠር ነገር ይመስላቸዋል። «ይህ ውሃ ነው» ማለቱ ይበቃል።

ሁለተኛው ቀን፦ ጥንድ ቃላት

ይህ የትምህርቱ እምብርት ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን ግን አይሆንም። ካርዶቹ ስድስት ጥንድ ናቸው፦ ሩጫና ሮጠ፣ ሳቅና ሳቀ፣ ዘፈንና ዘፈነ፣ ዝላይና ዘለለ፣ ጭብጨባና አጨበጨበ፣ ልብስና ለበሰ።

ቡድኑ በመጀመሪያ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ያደርጋቸዋል፤ የሚዛመዱ መሆናቸውን ፊደሎቻቸው ይመሰክራሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥንድ ይለያያል። ሩጫና ሮጠ ላይ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል። አንዱ ሁለቱንም ግስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ «ሁለቱም መሮጥ ነው» ብሎ። ጎረቤቱ «እሷ ሮጠች» ይላል፤ ይሆናል። «እሷ ሩጫች» ሲል ቡድኑ ይሥቃል። ሦስተኛዋ «ይህ ሩጫ ነው» ትላለች። ካርዱ ተነሥቶ ወደ ስም ይሄዳል። «ድርጊት ሁሉ ግስ ነው» የሚለው አስተሳሰብ የሚፈርሰው በዚህች ቅጽበት ነው፤ መምህሩ ቀድሞ ቢነግራቸው ግን አይፈርስም።

እዚህ ላይ መምህሩ የሚጨምረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሩጫ የድርጊቱ መጠሪያ ነው፤ ሮጠ ግን ማን እንዳደረገውም በውስጡ ይዟል። «ሮጠች» ብለን ብቻ ሴት መሆኗ ይታወቃል፤ ከ«ሩጫ» ማን እንደሮጠ አይታወቅም።

ከጥንዶቹ ቀላሉ ልብስና ለበሰ ነው፤ ልብስ የሚዳሰስ ነገር ስለሆነ። ከባዱ ሳቅና ሳቀ ነው፤ በአንዲት ፊደል ቅርጽ ብቻ ይለያያሉ፤ ልጆቹም ሳቅን እንደ ትእዛዝ ሰምተው «ሳቅ! ግስ ነው!» ሊሉ ይችላሉ። ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ከተነሣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጻፉለት፦ «የአልማዝ ሳቅ ያስደስታል።» «አንተ ልጅ፣ ሳቅ!» አንዳንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካልገባ በስተቀር ማንነቱ እንደማይታወቅ ከዚህ ያያል።

ጨዋታው ሲያልቅ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ በቡድን ልክ የሆነ ሁሉ ብቻውን አያውቅም። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ሁሉም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ክርናቸውን ዴስክ ላይ ያደርጋሉ። መምህሩ ቃል ይጠራል፤ ግስ ከሆነ እጅ ይነሣል፣ ስም ከሆነ ይተኛል። ስድስት ቃል ይበቃል፦ ወንበር፣ ጠጣ፣ ዝላይ፣ አሰበ፣ ጭብጨባ፣ ከፈተ። «አሰበ» እና «ከፈተ» በካርድ ላይ ያልነበሩ ቃላት ናቸው፤ ካርዱን በቃሉ የያዘና መፈተኛውን የያዘ ልጅ በእነሱ ይለያሉ። ዓይን ካልተጨፈነ ሃምሳው ልጅ የአንዱን ብልህ ልጅ እጅ ያያል።

በዝላይና በጭብጨባ ላይ ከክፍሉ ሲሶ ያህል እጅ ከተነሣ በማግሥቱ ያንኑ የጥንድ ጨዋታ በሌሎች ቃላት ይድገሙት፦ ጽሑፍና ጻፈ፣ ጥያቄና ጠየቀ፣ እርሻና አረሰ። ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ እነሱን ከሚቀጥለው ትምህርት በፊት ለብቻ ሰብስቦ አምስት ካርድ ማሠራት ይሻላል።

በውጭ አገር የቅዳሜና የእሑድ ክፍል

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች በሳምንት አንድ ቀን አማርኛ የሚማሩ ልጆች ጋር ያው ጨዋታ ሲሠራ አንድ ነገር ይለወጣል። እነዚህ ልጆች «እሷ ዘለለ» ቢባሉ ጆሯቸው ላይጎረብጥ ይችላል፤ መፈተኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጆሮ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ለእነሱ የድርጊት ካርዱ ማሟሟቂያ ሳይሆን ዋናው ትምህርት ነው። በአራት ካርድ ብቻ፣ «ምን አደረገች? ምን አደረገ? ምን አደረጉ?» እየተባለ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይሠራ። የምደባው ካርድ የሚወጣው «ዘለለች» ያለ እርዳታ ከአፋቸው ሲወጣ ነው።

የሰው ስም የሆኑ ግሶች

ልጆቹ ጥንዶቹን ካወቁ በኋላ አማርኛ የሚያቀርበው አንድ ጨዋታ ይቀራል። ደረሰ፣ ከበደ፣ አበበ፣ ዘነበ፣ ታደሰ፣ ተሾመ የሰው ስም ናቸው፤ በመልካቸውም በትውልዳቸውም ግሶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ብቻውን ካርድ ላይ ጽፈው ቢሰጡ ትክክለኛው ቦታ «እንወያይ» ነው።

ሰሌዳው ላይ ይህን ይጻፉ፦ «ደረሰ ደረሰ።» ልጆቹ መጀመሪያ ስሕተት ይመስላቸዋል፤ መምህሩ አንድ ቃል ሁለቴ የጻፈ። ደረሰ የሚባል ልጅ ትምህርት ቤት እንደመጣ ሲነገራቸው ግን ይገባቸዋል። ከሁለቱ ስሙ የቱ ነው? መፈተኛው ይሠራል፤ በልጁ ቦታ ሴት ልጅ ይግባ፦ «አልማዝ ደረሰች።» የመጀመሪያው ቃል ለአልማዝ ቦታውን ለቀቀ፤ ሁለተኛው «ች» አወጣ። ቀጥሎ «ከበደ መጣ» እና «ሻንጣው ከበደ»፣ ከዚያም «ዘነበ ሳቀ» እና «ዝናብ ዘነበ» ይሠሩ። እዚህ ላይ ልጆቹ ሌላም ያስተውላሉ፦ በነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ግሱ የተቀመጠው ከአራት ነጥቡ አጠገብ ነው።

ለዚህ ዙር የሚመረጠው ስም በክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ስም ባይሆን ይመረጣል። ዘነበ የሚባል ልጅ ካለ በዕረፍት ሰዓት «ዝናብ ዘነበ!» እየተባለ መጠራቱ አይቀርም፤ ደረሰ ካለ ደግሞ ከበደን ይዘው ይሥሩ።

አንድ ልጅ ተነሥቶ «“ነው”ስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ቀን ነው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጥ ካየ በኋላ «ይህ ወንበር ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለሚከነክነው። ማለፍ አያስፈልግም። «እሱ ልጅ ነው» እና «እሷ ልጅ ናት» ብለው ይጻፉለትና የትኛው ቃል እንደተቀየረ ራሱ ያሳይ።